አስተርጓሚው ምን አለ?

ሚስዮናውያኑ ምባንታ የደረሱት ስድስት ሆነው ነው፤ አንዱ ነጭ ነው። የመንደሩ ሰው ሊያያቸው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ነጩ ሰው በራሱ ቋንቋ ይናገራል፤ ከጎኑ የቆመው አስተርጓሚ ወደ ኢግቦ ይመልሰዋል። አስተርጓሚው የኢግቦ ተወላጅ ቢሆንም ከሌላ አካባቢ የመጣ ስለሆነ አነጋገሩ ለምባንታ ጆሮ ይጎረብጣል። ይባስ ብሎ «እኔ ራሴ» ሊል ሲፈልግ ከአፉ የሚወጣው ቃል በምባንታ «መቀመጫዬ» ማለት ነው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ቆይቶ ስብከቱ ስለ አንድ አምላክና ስለ ልጁ ሲሆን ከአድማጮቹ አንዱ ልጅ ካለው ሚስትም አለችው ማለት ነው ብሎ ያዘው። አስተርጓሚው ሚስት አለችው አላልኩም ቢል አንድ ተረበኛ ቀበል አድርጎ፣ ልጅ አለው ያለችው መቀመጫህ ናት አለው።

ይህ ትዕይንት የሚገኘው ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ለንደን ላይ በሄኔማን አሳታሚ ቤት ባወጣው «ቲንግስ ፎል አፓርት» በተባለው ልብ ወለድ 16ኛ ምዕራፍ ነው። ርእሱ በአማርኛ «ነገር ሁሉ ሲፈራርስ» እንደማለት ነው። አንባቢው እየሳቀ ሳለ አንድ ነገር በቀላሉ ያመልጠዋል። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሆኖም በዚያ ገጽ ላይ ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ቋንቋ እንግሊዝኛው ነው። የምባንታ ሰዎች የሚናገሩት ኢግቦ በጠራ፣ በሚፈስ እንግሊዝኛ ሰፍሯል። ነጩ ሰው የተናገረው እውነተኛው እንግሊዝኛ ደግሞ ለመንደሩ ሰው ትርጉም አልባ ድምፅ ነው፤ የሚደርሰውም በሌላ ሰው አፍ ተሰባብሮ ነው። ለንደን ቁጭ ብሎ መጽሐፉን የገዛው እንግሊዛዊ አንባቢ በገዛ ቋንቋው ከምባንታ ሰዎች ጎን ቆሞ፣ የራሱን አገር ሰው እንደ ባዕድ ያዳምጣል።

ድኅረ ቅኝ አገዛዝ የሚባለው የሥነ ጽሑፍ ንባብ ዋና ሥራው እንዲህ ያለውን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው። ቅኝ ገዢ ያመጣው ቋንቋ በተገዢው ደራሲ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። ጥያቄው ደራሲው በምን ቋንቋ ጻፈ ከሚለው አልፎ ይሄዳል። በልብ ወለዱ ውስጥ ማን በምን ቋንቋ ይናገራል? ማን ይረዳል? ማን ውጭ ቀርቶ ይጠብቃል? ቢል አሽክሮፍት፣ ጋሬት ግሪፊትስና ሔለን ቲፊን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙትና በዘርፉ ብዙ በሚጠቀስ ጥናት ሂደቱን በሁለት እርምጃ ከፍለውታል። አንደኛው የገዢው ቋንቋ «ትክክለኛው ይህ ብቻ ነው» የሚለውን ሥልጣኑን መሻር ነው። ሁለተኛው ያንኑ ቋንቋ ወስዶ የራስን ኑሮ እንዲሸከም ማድረግ ነው። የአቼቤ ልብ ወለድ ሁለቱንም የሚያሳየው በመግለጫ ሳይሆን በእያንዳንዷ ዐረፍተ ነገር ነው።

አቼቤ ለምን በእንግሊዝኛ ጻፈ የሚለው ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ተከትሎታል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1930 በኦጊዲ፣ ከወንጌል ሰባኪ አባት ነው። ቤት ውስጥ ኢግቦ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነበር። ኡሙአሂያ በሚገኘው የመንግሥት ኮሌጅ ከተለያየ ብሔር የመጡ ተማሪዎች የየራሳቸውን ቋንቋ ትተው በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲግባቡ ይደረግ ነበር። ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገባ ደግሞ እንግሊዛዊው ጆይስ ኬሪ ስለ ናይጄሪያ የጻፈውን «ሚስተር ጆንሰን» አነበበ። በዚያ መጽሐፍ የተሣለው አፍሪካዊ አቼቤ የሚያውቀውን ሰው አይመስልም ነበር። ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ መልስ የሚሰጥ ሰው መልሱ በተመሳሳይ ቋንቋ ቢሆን፣ ክሱ በተሰማበት ችሎት እንደመቆም ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ከናይጄሪያ ውጭ ብዙ የማይነገርለት። በዚያን ጊዜ በጽሑፍ ይሠራበት የነበረው ኢግቦ «ዩኒየን ኢግቦ» የሚባለው ነበር። እንግሊዛዊው ሊቀ ዲያቆን ቶማስ ዴኒስ የመራው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ የተለያዩ አካባቢዎችን አነጋገር አንድ ላይ ቀይጦ ያወጣው ቋንቋ ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1913 ታትሟል። ሐሳቡ አንዱን መጽሐፍ ሁሉም እንዲያነበው ነበር። አቼቤ ግን ይህ ቋንቋ ማንም እናት ለልጇ የማትናገረው፣ ዜማውን ያጣ ቅይጥ ነው ብሎ አጥብቆ ተቃውሞታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኦዌሪ ከተማ ላይ በኢግቦ ንግግር እንዲያደርግ ሲጋበዝም የተናገረው በራሱ በኦጊዲ አነጋገር ነበር። እንግዲህ ከፊቱ የነበረው ምርጫ በንጹሕ እናት ቋንቋና በባዕድ ቋንቋ መካከል ብቻ አልነበረም። በጽሑፍ የቀረበለት የእናት ቋንቋም የሚስዮን እጅ የነካው ነበር። ይህ ማለት በኢግቦ መጻፍ አይቻልም ነበር ማለት አይደለም። ፒታ ንዋና «ኦሜኑኮ» የተባለውን ልብ ወለድ በኢግቦ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንቅረብ። የልብ ወለዱ ዋና ሰው ኦኮንክዎ ጉልበተኛ ታጋይና ታታሪ ገበሬ ነው፤ ሕይወቱን የሚነዳው አንድ ፍርሃት አለ፤ እንደ አባቱ እንዳይሆን ይፈራል። ፍርሃቱ የተተከለው ልጅ ሳለ የዕድሜ እኩያው አባትህ «አግባላ» ነው ያለው ዕለት ነው። ቃሉ ሴት ማለት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ አንድም ማዕረግ ያልያዘ ወንድም በዚሁ ቃል እንደሚጠራ የተረዳው ያን ጊዜ ነው። አቼቤ ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ አልመለሰውም። ቢመልሰው «ሴት» ወይም «ሰነፍ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የሚይዝ የእንግሊዝኛ ቃል የለም። ኦኮንክዎን የሚያቃጥለው ደግሞ ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸው ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። መንደሩ ሁሉ የሚፈራው፣ ከዋሻው ውስጥ ትንቢት የሚናገረው አምላክም ስሙ አግባላ ነው። በአንድ ጨለማ ሌሊት የዚህ አምላክ ካህን የሆነችው ቺየሎ የኦኮንክዎን ተወዳጅ ልጅ ኤዚንማን በጀርባዋ አዝላ ወደ ዋሻው ትወስዳታለች። ያ ማንንም የማይፈራ ሰው ቆንጨራውን ይዞ ከኋላ ከኋላ ከመከተል በቀር አንዲት ሴት ልጁን ስትወስድበት ምንም ማድረግ አልቻለም። ስድቡና አምላኩ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ትልቅ ፊደል ብቻ ነው። በእኛ ፊደል ደግሞ እሷም የለችም። በትኩረት ያነበበ ሰው ኦኮንክዎ የሚንቀው ነገርና የሚሰግድለት ነገር በአንድ ስም እንደሚጠሩ ያያል፤ ይህን የሚያየው ቃሉ ሳይተረጎም ስለቀረለት ነው።

እዚህ ላይ የእንግሊዝኛው አቅም የሚያልቅበት ቦታም አለ። ኢግቦ ቃላትን በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የሚለይ ቋንቋ ነው። «አክዋ» ተብሎ የሚጻፈው ቃል እንደ ዜማው ልቅሶ፣ ጨርቅ፣ እንቁላል ወይም አልጋ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ፊደል ይህን አይዝም። የአማርኛ አንባቢ ችግሩን ከራሱ ጽሕፈት ያውቀዋል፤ «ይበላል» ተብሎ የተጻፈው የሚበላውን ሰው ይሁን የሚበላውን ምግብ ይናገር እንደሆነ የሚለየው ማጥበቅና ማላላቱ ነው፤ ፊደሉ ግን አያሳየውም። ልዩነቱ አማርኛ አንባቢ ዐረፍተ ነገሩን አይቶ በልቡ ያጠብቀዋል። ኢግቦ የማያውቅ የአቼቤ አንባቢ ግን ዜማ እንደጎደለው እንኳ አያውቅም።

ከእነዚህ ቃላት መካከል ብዙ አንባቢ የሚስተው አንድ አለ፤ «ኮትማ» የሚለው። የቅኝ ገዢው ፍርድ ቤት መልእክተኞች በመጽሐፉ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ቃሉ ኢግቦ ይመስላል፤ ኢግቦ ግን አይደለም። «ኮርት ሜሴንጀር» የሚለው እንግሊዝኛ በኢግቦ አፍ ተጣጥፎ የወጣ ነው፤ የጣሊያኑ «ጎሚስታ» አዲስ አበባ ላይ ጎማ ጠጋኝ ሁሉ የሚጠራበት የሰፈር ቃል እንደሆነው ማለት ነው። አቼቤ ይህን ቃል እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ገጽ ሲመልሰው እንግሊዛዊው አንባቢ የራሱን ቃል አያውቀውም። ቃሉ አገር ቀይሮ፣ የተገዢዎቹን ምሬት ተሸክሞ ነው የተመለሰው። መልእክተኞቹ አመድማ ቁምጣ ስለሚለብሱ እስረኞቹ በቁምጣቸው ያላግጡባቸዋል፤ የሹፈት ስምም አውጥተውላቸዋል።

በኋላ የወጡ ብዙ እትሞች ከመጽሐፉ ጀርባ የኢግቦ ቃላት መፍቻ አላቸው። ለተማሪ ይጠቅማል፤ ንባብን የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ እሱው ነው። አንባቢው «አግባላ» ላይ ደርሶ መፍቻውን ሲገልጥ «ሴት» የሚል ካገኘ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፤ የልጅነቱ ቁስልም የሌሊቱ ጉዞም ይጠፋል። ሌላው የተለመደ ስሕተት እነዚህን ቃላት እንደ ጌጥ መቁጠር ነው፤ ወጡ ላይ የተነሰነሰ ቅመም ይመስል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ቃሉን አውጥቶ በእንግሊዝኛ አቻው መተካት፣ ከዚያ በታሪኩ ውስጥ የጠፋ ነገር ካለ ማየት። ምንም ካልጠፋ በእርግጥ ጌጥ ነበር። «አግባላ» እና «ኮትማ» ሲወጡ ግን ታሪኩ ይጎድላል።

የዐረፍተ ነገሩ አካሄድስ? አቼቤ ራሱ አሠራሩን ገልጦ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ አፍሪካዊ ደራሲና ስለ እንግሊዝኛ ባደረገው ንግግር በዚያው ዓመት ከወጣው «አሮው ኦፍ ጎድ» ከተሰኘው ልብ ወለዱ አንድ አንቀጽ መዘዘ። ሊቀ ካህኑ ኤዜኡሉ ከልጆቹ አንዱን ኦዱቼን ወደ ነጮቹ ሃይማኖት የሚልክበትን ምክንያት ሲነግረው ነው። ሽማግሌው ልጁ እዚያ ዓይን እንዲሆነው ይፈልጋል፤ ባዶ ከሆነ ይመለሳል፤ የሚገኝ ነገር ካለ የአባቱን ድርሻ ይዞ ይመጣል። ዓለምን ጭምብል ለብሶ ከሚጨፍር ጋር ያመሳስላታል፤ ደህና አድርጎ ሊያያት የሚሻ አንድ ቦታ ተተክሎ አይቆምም። ዛሬ ነጩን ያልተወዳጀ ነገ ምነው ባወቅን ኖሮ ይላል የሚል ስጋትም አለው።

ከዚያ አቼቤ ያንኑ ሐሳብ በሌላ እንግሊዝኛ ጻፈው። በዚህኛው አባትየው ልጁን በወኪልነት ይልካል፤ አዲሱ ሃይማኖት ከተስፋፋ ላለመጎዳት መጠንቀቅ ይሻላል፤ ከዘመኑ ጋር መራመድ ያስፈልጋል፤ ከነጩ ጋር ያልተስማሙ አርቆ ባለማሰባቸው ይጸጸቱ ይሆናል። ሰዋስዉ እንከን የለውም፤ ሐሳቡም አልተለወጠም። የሚናገረው ግን የመንደር ሊቀ ካህን ሳይሆን የቢሮ ደብዳቤ ነው። አቼቤ ልዩነቱን ሲያስረዳ የመጀመሪያው ከሰውየው ባሕርይ ጋር ይሄዳል፣ ሁለተኛው አይሄድም አለ። ይህን የሚመራው በአብዛኛው ስሜት ቢሆንም ማመዛዘንም እንዳለበት ጨምሯል።

ይህን በማየት የአቼቤን ልብ ወለዶች «ከኢግቦ የተተረጎሙ» የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም። ከጀርባው የተቀመጠ የኢግቦ ቅጂ የለም። በእንግሊዝኛ ሰዋስው ውስጥ የሆነ፣ ግን የኢግቦ ሽማግሌ ከሚያስብበት ቅደም ተከተል ጋር የሚራመድ አዲስ ዐረፍተ ነገር ነው። ኢግቦ ዘንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ንግግርን የሚያወርድ የዘምባባ ዘይት ተደርጎ ይቆጠራል፤ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እያለ ያደገ የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማስታወሻ አያስፈልገውም። እንዲያውም ይህ አንባቢ በእንግሊዝኛው ውስጥ ከእንግሊዛዊው ይልቅ ብዙ የሚያውቀው ነገር ያገኛል።

በዚህ መንገድ ያነበበ ሰው ወደ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ሲመለስ ትርጉም የሥልጣን መሣሪያ መሆኑን በየቦታው ያያል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው 23ኛው ምዕራፍ ነው። የኡሙኦፊያ ስድስት መሪዎች፣ ኦኮንክዎም ከእነሱ ጋር፣ ለንግግር ተብለው ተጠርተው በሰንሰለት ይታሰራሉ። የአውራጃው ኮሚሽነር ቅጣታቸው 200 ጆንያ የዛጎል ገንዘብ ነው ይላል። መልእክተኞቹ ወደ መንደሩ ሄደው ለሕዝቡ የሚያውጁት ግን 250 ነው። 50ዋ ጆንያ በሁለት ቋንቋ መካከል ወድቃ ኮትማዎቹ ኪስ ትገባለች። ገዢው የተገዢውን ቋንቋ አያውቅም፤ ተገዢውም የገዢውን አያውቅም፤ መሐል የቆመው ሰው ሁለቱንም ይሸጣቸዋል። ቀደም ብሎ የኦኮንክዎ ወዳጅ ኦቢየሪካ ስለ መሬት ክርክር ሲጠየቅ፣ ነጩ ቋንቋችንን እንኳ ሳይናገር ወጋችንን እንዴት ሊያውቅ ይችላል ያለው የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ጥበብ ያላሳመናቸው ነበሩ፤ ምክንያታቸውም በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ካምፓላ በሚገኘው ማኬሬሬ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አፍሪካውያን ደራስያን ተሰበሰቡ። በዓመቱ ናይጄሪያዊው ሐያሲ ኦቢ ዋሊ «ትራንዚሽን» በተባለው መጽሔት ላይ፣ በአውሮፓ ቋንቋ የሚጻፍ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መውጫ የሌለው መንገድ ነው ብሎ ጻፈ። በዚያው ስብሰባ ላይ ያላለቀ ልብ ወለዱን ለአቼቤ ያሳየ አንድ ወጣት ተማሪ ነበር፤ ያኔ ጄምስ ንጉጊ ይባል ነበር። በኋላ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ሆኖ የክርክሩ ዋና ተሟጋች የሆነው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ካሚሪቱ በተባለ የኬንያ መንደር ከገበሬዎችና ከሠራተኞች ጋር በጊኩዩ ቋንቋ ተውኔት ካቀረበ በኋላ ያለ ፍርድ ታሰረ። በእስር ቤት በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ። ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ያላሰረው መንግሥት ያሰረው የመንደሩ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ሲናገር ነው። ማኬሬሬ ላይ በስዋሂሊ የሚጽፈው ሻባን ሮበርትና በዮሩባ የሚጽፈው ፋጉንዋ ለምን አልነበሩም ብሎ የጠየቀውም እሱ ነው።

የንጉጊ ጥያቄ ለአቼቤ መጽሐፍ ሲቀርብ ይከብዳል። ያ የተዋጣለት እንግሊዝኛ የተጻፈላቸውን የኡሙኦፊያ ሰዎች አልደረሰም፤ በ1958 የመንደር ሽማግሌ ሊያነበው አይችልም ነበር። የእጅ ጽሑፉ ራሱ ለመተየብ እንኳ ለንደን ነው የተላከው፤ አቼቤ 22 ፓውንድ ከፍሎ። አቼቤ በበኩሉ ከኢግቦ፣ ከሐውሳና ከዮሩባ የመጡ ናይጄሪያውያን በአንድ ላይ የሚያነቡት ቋንቋ ሌላ አልነበረም ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ተለያየ አንባቢ ነው። እውነቱን ለመናገር የአቼቤ ጥበብ ለንጉጊ ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ የንጉጊ ጥያቄም የአቼቤን ጥበብ አያጠፋም።

ጉዳዩ ኢትዮጵያም ደርሶ ነበር። አቼቤ የመጀመሪያ አዘጋጁ በነበረውና እ.ኤ.አ. በ1962 በተጀመረው በሄኔማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ዳኛቸው ወርቁ «ዘ ተርቲንዝ ሰን» የተባለ ልብ ወለዱን በእንግሊዝኛ አሳትሟል፤ «አደፍርስ»ን በአማርኛ የጻፈ ደራሲ ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ የመጀመሪያ መጽሐፉን የጻፈው በቻሃ ጉራጊኛ ሲሆን በ1964 ለንባብ የበቃው በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ በኋላ በዚያው ተከታታይ ውስጥ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጻፈ። እዚህ እንግሊዝኛን የጫነ ቅኝ ገዢ የለም። ቢሆንም ለማን ነው የምጽፈው፣ የሚያሳትመኝስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከምባንታ ሩቅ አይደለም።

የአቼቤ ልብ ወለድ በመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ነገር ያደርጋል። ኦኮንክዎ ራሱን ሰቅሏል፤ ወጉ ስለሚከለክል የገዛ ወገኖቹ ሬሳውን ሊነኩት አይችሉም። ኦቢየሪካ ይህን ለኮሚሽነሩ ያስረዳል። ኮሚሽነሩ ቀድሞውንም እነዚህ ሰዎች የማያስፈልግ ቃል ያበዛሉ እያለ ይበሳጭባቸው ነበር። እዚህ ላይ ትረካው ከመንደሩ ወጥቶ ወደ እሱ አእምሮ ይገባል፤ እንግሊዝኛውም ይለወጣል። ምሳሌው ይጠፋል፤ የኢግቦው ቃል ይጠፋል። የሚቀረው አንባቢው ለ24 ምዕራፎች ያልሰማው የመዝገብ ቤት ቋንቋ ነው። ኮሚሽነሩ በታችኛው ኒጀር ስለሚኖሩት «ኋላቀር ጎሳዎች» ለሚጽፈው መጽሐፍ ይህ የሞተ ሰው ጥሩ ታሪክ እንደሚሆን ያሰላስላል። መጀመሪያ አንድ ምዕራፍ ሊሰጠው ያስባል፤ ወዲያው ሐሳቡን ይለውጥና አንድ አንቀጽ ይበቃዋል ይላል።